ሠላሳኛዋን ሌሊት ስጠብቅ

በቦምቤ ገበያ፣ ዝንጅብል ከምረከብበት ቦታ አጠገብ የሚነግድ ጎረቤት አለኝ። ወንጌል አማኝ ነው። ቤተክርስቲያናቸው የአዳር ጸሎት ባደረገ ማግስት ዓይኑ ቀልቶ ስለሚመጣ የኔም ዓይን ሲቀላ ምክንያቱን ያውቀዋል። የ2017 ረመዷን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ «ወንድሜ፣ ያቺ የምትፈልጓት ሌሊት የትኛዋ እንደሆነች አታውቁም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከልጅነቴ የማውቀውን መለስኩለት። ለይለተል ቀድር ቁርኣን የወረደባት ሌሊት ናት። በስሟ የተሰየመችው ባለ አምስት አንቀጽ አጭር ምዕራፍ ከሺህ ወር እንደምትበልጥ ትነግረናለች። ሺህ ወር 83 ዓመት ከ4 ወር ነው፤ ብዙ ሰው የማይደርስበት ዕድሜ። በእምነት፣ ምንዳውን ከአላህ ብቻ ጠብቆ በሰላት የቆመባት ሰው ያለፈ ኃጢአቱ እንደሚማርለትም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች፣ በተለይም በጎዶሎዎቹ፣ በ21፣ በ23፣ በ25፣ በ27 እና በ29 ፈልጓት ስላሉን እንፈልጋታለን።

ጎረቤቴ በመልሱ ረካ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ፤ «እንፈልጋታለን» ካልኳቸው ሰዎች መካከል እኔ አልነበርኩምና።

እውነቱን ለመናገር፣ ለዓመታት የፈለግኩት 27ኛዋን ሌሊት ብቻ ነው። በዚያች ቀን ገበያዬን በጊዜ ዘግቼ ሶዶ እሄዳለሁ። ሰው በሞላው መስጊድ ውስጥ እስከ ሱሑር እቆማለሁ፤ ዱዓው ሲረዝም ከሰው ጋር አለቅሳለሁ። በ21ኛዋ ግን እተኛለሁ። በ25ኛዋ ጆንያ ስቆጥር አምሽቼ ተራዊህ ያመልጠኛል። እንዲያውም አንድ ዓመት የምፈልጋትን ሌሊት ራሷን ስቻታለሁ። በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ ቀኑን ይቀድማል፤ 26ኛውን ቀን ጾመን ጀንበር ስትጠልቅ 27ኛዋ ሌሊት ገብታለች። እኔ 27ኛውን ቀን ጾሜ ማታ ሶዶ ብደርስ መስጊዱ እንደሌላው ቀን ሆኖ ጠበቀኝ። 28ኛዋ ሌሊት ነበረች። ያኔ የተናደድኩት በራሴ ሳይሆን በትራንስፖርቱ ወጪ ነበር።

ለ27ኛዋ ማስረጃ አልነበረኝም አልልም። ኡበይ ኢብን ከዕብ እሷ ስለመሆኗ ምለው ተናግረዋል፤ ምልክቷም በማግስቱ ፀሐይ ያለ ጨረር መውጣቷ ነው ብለዋል። እኔ መሐላውን ይዤ ከፊቱ ያለውን ተውኩት። ዓመቱን ሙሉ ሌሊት የቆመ ያገኛታል የሚለው የኢብን መስዑድ ቃል ሲነገራቸው፣ ኡበይ ሰዎች በአንዲት ሌሊት ተማምነው እንዳይቀመጡ ብሎ ነው ሲሉ ምክንያቱን የገለጹት እዚያው ላይ ነው። እንዲህ ተማምኖ የተቀመጠው እኔ ነበርኩ። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ ደግሞ ስለ 21ኛዋ ይተርካሉ። ዝናብ ዘነበ፣ በተምር ዝንጣፊ የተከደነው የመስጊዱ ጣሪያ አፈሰሰ፣ ሲነጋ በነቢዩ ግንባር ላይ የውኃና የጭቃ ምልክት ታየ። ኢብን ሐጀር በጉዳዩ ላይ ከአርባ በላይ አስተያየት ሰብስበዋል፤ ከዓመት ዓመት ትዘዋወራለች የሚሉም ብዙ ሊቃውንት ናቸው። እኔ ከዚህ ሁሉ መካከል ለኔ የሚያመቸኝን መረጥኩ።

ለምን? መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ነገር ግን እስከ እኩለ ሌሊት ጆንያ የሚቆጥር ሰው ሰነፍ አይባልም። ቀጥዬ የነጋዴ ልማድ ነው አልኩ፤ በአንድ ሌሊት 83 ዓመት ከተገኘ አሥር ሌሊት ምን አደከመኝ የሚል። ይህም እውነት አለው። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር። ሶዶ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጎን እቆማለሁ። ቦምቤ ውስጥ ግን ሙስሊሙ ጥቂት ነው። አሥሩንም ሌሊት እዚህ ብቆም፣ ከምሸሸው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መገናኘቴ አይቀርም።

ሰውየው ሸሪኬ ነበር። አንድ ጊዜ አብረን የጫንነው ዝንጅብል በዝናብ ርሶ መንገድ ላይ ተበላሸ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነበር፤ እኔ ግን ገንዘቡ በእጄ ስለነበር ከድርሻው ላይ ከሚገባው በላይ ቆርጬ አስቀረሁ። ተጨቃጨቅን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ረመዷን አልፏል።

ጎረቤቴ በማግስቱ ሁለተኛ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ «ፈጣሪ ሊሰጣችሁ ከወደደ ቀኗን ለምን ሸሸጋት?» ዑባዳ ኢብን ሷሚት ያስተላለፉትን ነገርኩት። ነቢዩ ሌሊቷን ሊያሳውቁ ወጡ። ሁለት ሙስሊሞች ሲጨቃጨቁ አገኙ። በዚያ ምክንያት እውቀቷ ተነሣ፤ ምናልባትም ይህ ለእናንተ የተሻለ ይሆናል አሉ። ይህን ስናገር ምላሴ ከበደኝ። ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ሁልጊዜ የማስበው ስለ እነዚያ ሁለት ሰዎች ነበር።

ደግሞ ዱዓው አለ። ሌሊቷን ባገኝ ምን ልበል ብለው አዒሻ (ረ.ዐ) ሲጠይቁ ነቢዩ ያስተማሯቸው፣ የአላህን ይቅር ባይነትና ይቅርታን መውደዱን ጠቅሶ ይቅርታውን መለመን ነው። እያለቀስኩ የምደግመው ይህንኑ ነው። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልተመለሰለት ወይም ይቅር ካላለ በሌሊት ሰላት እንደማይራገፍ ኡስታዞቻችን ሳይነግሩኝ ቀርተው አይደለም። የኔ ሐሳብ ሸሪኬ ጋር ሳልደርስ በአላህ በኩል ዞሬ ለመጨረስ ነበር።

ስለዚህ መጋቢት 11 ምሽት፣ በ21ኛዋ ሌሊት፣ እዚሁ ቦምቤ ቆምኩ። እሱ ፊተኛው ሰልፍ ላይ ነበር፤ ከኋላው ቆምኩ። ነገ አናግረዋለሁ አልኩ። በ23ኛዋም እንዲሁ። 27ኛዋ ስትመጣ ሶዶ አልሄድኩም፤ ይህን ትልቅ ነገር እንደሠራሁ ቆጥሬ እሱን ሳላናግረው ወደ ቤቴ ገባሁ። በ29ኛዋ፣ ዓርብ መጋቢት 19 ምሽት፣ አንዲት ሌሊት ቀርታለች፣ በሠላሳኛዋ እጨርሰዋለሁ አልኩ።

ቅዳሜ ማታ ጨረቃ ታየች ተባለ። ረመዷን በ29 ቀን አለቀ፤ አሥሩ ሌሊት ዘጠኝ ሆነ። ልጆቼ በደስታ ሲጮሁ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። የተሸሸገችው የቀድር ሌሊት ብቻ ሳትሆን የመጨረሻዋም ሌሊት እንደነበረች የገባኝ ያኔ ነው።

እሁድ ማለዳ፣ ከዒድ ሰላት በፊት፣ ገንዘቡን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ ተቀበለኝና ቆጠረው። «ይጎድላል» አለኝ። ሒሳቡን አብረን ሠራነው፤ እውነትም ይጎድል ነበር። ከራሴ ጋር ብቻዬን ስታረቅ እንኳ ለራሴ አድልቼ ነበር። የጎደለውን በማግስቱ ጨመርኩለት። ይቅር አለኝ ብዬ አልጽፍም፤ ሐቁን ተቀበለ። ወደ ሰላቱ ግን አብረን ሄድን፤ ሰልፍ ሲሠራም ከጎኔ ቆመ።