መብራት ሲጠፋ ዶሮ ወጡን ምን እናድርገው?

በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ብዙዎቻችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰኔ 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የተነሣውን አውሎ ነፋስ አንረሳውም። ዕለቱ አርብ ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት ድርግም አለ። እኛ ቤት የተመለሰው እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ ከ38 ሰዓት በኋላ ነው።

በማግስቱ የልጄ ልደት ነበር። ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ ለእንግዶቹ አንድ ድስት ዶሮ ወጥ ሠርታ ፍሪጅ ውስጥ አስገብታለች። የሰኔ ጾም ስለሆነ እሷ እንኳን አልቀመሰችውም። እሑድ ድስቱን ከፍታ አሸተተችና «ምንም አልሆነም፤ አንድ ጊዜ ይንተክተክ፤ እሳት የነካው ነገር ምን ይሆናል?» አለችኝ።

እኔ ግን ልደፋው ነበር። በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ምግብን የሚጠብቀው ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሥጋ፣ ዶሮ፣ የተሠራ ወጥ፣ ወተት፣ እንቁላልና አይብ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ሙቀት ላይ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆዩ ይጣላሉ። ማፍላት ተሕዋስያኑን ይገድል ይሆናል፤ አንዳንዶቹ ግን ምግቡ ውስጥ የሚተዉትን መርዝ እሳት አያጠፋውም። መርዙ ደግሞ አይሸትም፣ ጣዕሙም አይታወቅም። ስለዚህ «እስቲ ልቅመሰው» ማለት ራስን ማታለል ነው።

እናቴ «የሰው ልፋት!» ብላ ፊቷን አዞረች። ወጡን ከነእንቁላሉ፣ አይቡንና ወተቱን ደፋሁ። ንጥር ቅቤው፣ በርበሬውና ሎሚው ግን ምንም ስለማይሆኑ አቆየኋቸው። እንጀራውንም ገልጠን አየነው፤ ሻጋታ አልነበረበትም፣ በላነው።

ቀጥሎ በቅርጫ የተካፈልነው የበሬ ሥጋ የታጨቀበትን የላይኛውን በረዶ ቤት ከፈትን። እናቴ «ይኸም ሊደፋ ነው?» አለች። ሙሉ የሆነ በረዶ ቤት ካልተከፈተ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ይቆያል። ሥጋው ጠርዝ ጠርዙ ለስልሷል፤ ውስጡ ግን ገና በረዶ ነበር። በረዶ ያለበት ሥጋ ተመልሶ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ጥራቱ ትንሽ ቢቀንስም አይጎዳም። ጥቂቱን ለዚያው ቀን ቀቀልን፣ የቀረውን መለስነው። ቀልጦ ሞቅ ያለ ቁራጭ ቢኖር ኖሮ ግን ከወጡ ጋር ይሄድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በረዶ ቤቴ ውስጥ ውሃው የረጋ አንድ ኩባያ አለ፤ በረዶው ላይ ሳንቲም ተቀምጧል። እኔ በሌለሁበት መብራት ጠፍቶ ቢመለስ ሳንቲሙ ይነግረኛል። ከላይ እንደተቀመጠ ከሆነ በረዶው አልቀለጠም። ታች ሰጥሞ ካገኘሁት ግን ሁሉም ቀልጦ እንደገና የረጋ ነውና፣ ሥጋው ድንጋይ ቢመስልም እጥለዋለሁ።

እናቴ አገር ቤት ስትመለስ ከዕቃዋ ጋር አንድ ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ይዛ ሄደች።