ፀጉር የሚነቅል እጅ

ሰው አስቦ የሚሠራው ሥራ እንዳለ ሁሉ፣ ሐሳቡ በሌላ ነገር ተይዞ ሳለ እጁ ብቻውን የሚሠራው ሥራም አለ። አንዱ ጥፍሩን ይበላል፤ ሌላው የብዕሩን ጫፍ ያኝካል፤ አንዳንዱ ደግሞ የገዛ ራሱን ፀጉር አንድ በአንድ እየመዘዘ ይነቅላል። ይህ የመጨረሻው ልማድ ሥር ሲሰድ ሕመም ነው። አንሪ አሎፖ የተባሉ ፈረንሳዊ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1889 ትሪኮቲሎማንያ የሚል ስም አወጡለት፤ ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን ፀጉር የመንቀል ብርቱ ግፊት ማለት ነው። ከመቶ ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን እንደሚይዝ ይገመታል፤ ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው ከ10 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከክፍል ጓደኞችህ መካከል አንዱ ወይም አንዷ ይህን ምስጢር በሻሽ ወይም በቆብ ሸፍነው ይዘው ይሆናል። እኔም በዚያ ዕድሜ መካኒሳ በሚገኘው ቤታችን ስኖር ከእነዚህ አንዷ ነበርሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ጣቶቼ አናቴ ላይ ይሄዱና ከሌላው የሻከረ ወይም የወፈረ አንድ ፀጉር ይፈልጋሉ። ያን ፀጉር ሲያገኙ በውስጤ አንድ ውጥረት ይነሣል፤ ስነቅለው ለአፍታ ዕረፍት ይሰማኛል። ዕረፍቱ ግን ስለማይቆይ እጄ ወደ ሌላው ይሻገራል። በዚህ ዓይነት በአናቴ ላይ የእንቁላል መጠን ያለው ሥፍራ ሳሳ። ጎረቤቶች አንዱ ቆረቆር ነው፣ ሌላው ላሽ ነው አሉ። የመረመሩኝ የቆዳ ሐኪም ግን ልዩነቱን በዓይናቸው ለዩት። ቆረቆር ቆዳውን ያስቀርፈዋል፤ ከሰው ወደ ሰውም ይተላለፋል። ላሽ በያዘው ሥፍራ ቆዳው ልስልስ ይሆናል፤ ፀጉርም አይቀርበትም። በእጅ በተነቀለ ሥፍራ ግን ርዝመታቸው የተለያየ አጫጭር ፀጉሮች እንደ አዲስ የታጨደ ማሳ ገለባ ቆመው ይታያሉ። እንግዲህ የራስህን ፀጉር መሳሳት ያየህ እንደሆነ በግምት ቅባት ከመቀባት ይልቅ መመርመር ይበጃል። ለመካኒሳ ሰው በዘነበወርቅ የሚገኘው የአለርት ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፤ በቆዳ ሕክምናውም የታወቀ ነው።

ሐኪሙ «ተዪው» አላሉኝም። «አንድ ሳምንት ሙሉ ጻፊው» አሉኝ። እኔም በአንድ ደብተር ላይ ሰዓቱን፣ የተቀመጥሁበትን ቦታ፣ የተጠቀምሁበትን እጅና በዚያን ጊዜ የማደርገውን ነገር መመዝገብ ጀመርሁ። በሰባት ቀን ውስጥ እጄ 31 ጊዜ ወደ ፀጉሬ ሄዷል። ከእነዚህ ውስጥ 22ቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ ግራ ክርኔን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ሳነብ የሆኑ ናቸው። 6ቱ በመስታወት ፊት ቆሜ፣ 3ቱ ደግሞ በመኝታዬ ላይ ነበሩ። ይህ መዝገብ ሁለት ነገር አሳየኝ። ሳነብ የምነቅለው ሳላውቀው ነው፤ በመስታወት ፊት የምነቅለው ግን እያወቅሁና እየመረጥሁ ነው። ስለዚህ ለሁለቱ አንድ መድኃኒት አይበቃም።

ሳላውቀው ለምነቅለው ያስፈለገኝ እጄን የሚያነቃ ነገር ነበር። ማታ ለጥናት ስቀመጥ ሻሽ አስራለሁ፤ የግራ እጄን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፍ በፕላስተር እጠቀልላለሁ። በፕላስተር የተጠቀለለ ጣት አንዲት ፀጉር ለይቶ መያዝ ያቅተዋል፤ ሻሹን ሲነካም ወዲያው ይታወቀኛል። ክርኔን ማስደገፍ ትቼ መጽሐፉን በሁለት እጄ መያዝም ጀመርሁ። እያወቅሁ ለምነቅለው ግን መስታወቱ ከመኝታ ክፍሌ ወጣ፤ ወረንጦውም እናቴ ዘንድ ተቀመጠ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ዘዴ ከሁሉ ይልቅ ጠቅሞኛል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ናታን አዝሪን ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ያስተዋወቁት ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። እጅ ወደ ራስ መነሣት ሲጀምር፣ ወይም ፍላጎቱ ገና ሲመጣ፣ ከመንቀል ጋር አብሮ ሊሠራ የማይችል ሌላ ሥራ ለእጅ መስጠት ነው። እኔ ክንዴን ወደ ጎኔ አስጠግቼ እጄን እጨብጥና ለአንድ ደቂቃ ያህል እንደ ጨበጥሁ እቆያለሁ። ፍላጎቱ ካልበረደ እደግመዋለሁ። ፍላጎት እንደ ክረምት ዶፍ ነው፤ ሲመጣ የማያባራ ይመስላል፤ ነገር ግን ቢጠብቁት ያባራል። ጭብጡ ግን ፀጉሩ ከተነቀለ በኋላ ሳይሆን ከመነቀሉ በፊት መሆን አለበት፤ ከዘገየ አይጠቅምም።

የቤተ ሰብም ድርሻ አለ። እናቴ በፊት «አንቺ ልጅ፣ እጅሽን!» ብላ ስትጮኽ እደነግጥና እደበቃለሁ፤ በተደበቅሁበትም እብስ እነቅላለሁ። በኋላ ግን «ሻሽሽ ደኅና ነው?» ብላ በዝግታ እንድታስታውሰኝ ተስማማን። ይህን ቃል ስሰማ አላፍርም፤ እጄን ብቻ አወርዳለሁ።

ፍላጎቱ እስኪቀንስ ድረስ የራስ ቆዳ መጠበቅ አለበት። ጥፍር ዘወትር በአጭሩ ይቆረጣል። የሳሳውን ሥፍራ ለመሸፈን ሹሩባን አጥብቆ መሠራት ስሕተት ነው፤ የተጎተተ ፀጉር ሥሩ ይዳከማልና። ቆዳው የቆሰለ እንደሆነ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በቀስታ አጥቦ ስስ ቫዝሊን መቀባት ይበቃል። ቅቤ በጤነኛ ፀጉር ላይ ሲሆን ፀጉሩን አሙለጭልጮ ለጣት እንዳይመች ያደርገዋል፤ በቁስል ላይ ግን አይቀባም። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ካበጠ ወይም ካቃጠለ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ አዲሱ ሲበቅል ስለሚያሳክክ እጅን ይጠራል። በዚያን ጊዜ በመዳፍ መዳበስ እንጂ በጣት ጫፍ መፈለግ አይገባም። ለዓመታት ደጋግሞ መንቀል ግን የፀጉሩን ሥር ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም አለ። አንዳንዶች የነቀሉትን ፀጉር ይውጣሉ። ፀጉር በሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ እየተጠራቀመ ይቋጠርና አንዳንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። ፀጉር የሚውጥ ሰው ሆዱን ካመመው፣ ካስመለሰው ወይም ጥቂት በልቶ ቶሎ ከጠገበ፣ ነገሩን ሳይደብቅ ለሐኪም መናገር አለበት።

የእኔን መዝገብ ውጤት ልንገርህ። በሦስተኛው ሳምንት 31 የነበረው ወደ 12 ወረደ። የፈተና ሳምንት ሲመጣ እንደገና 27 ደረሰ። ደብተሩን ባልይዝ ኖሮ ዘዴው ከሸፈ ብዬ እተወው ነበር፤ መዝገቡ ግን የጨመረው በጥናት ሰዓት ብቻ መሆኑን አሳየኝ። ሻሹንና ፕላስተሩን ወደ ቦታቸው መለስሁ፤ በአራተኛው ወር መጀመሪያ በሳምንት 4 ጊዜ ብቻ ቀረ፤ በአናቴ ላይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ፀጉር በቅሎ ነበር። ዛሬም ድካም ወይም ጭንቀት ሲበዛብኝ እጄ ይነሣል። ዘዴው ፍላጎቱን ይቀንሳል እንጂ ከሥሩ ነቅሎ አይጥለውም። መዝገብና ጭብጥ ለወራት ተሞክረው ቁጥሩ ካልወረደ፣ ወይም ከነቀላው ጋር ብርቱ ሐዘንና ጭንቀት ካለ፣ ይህን ልማድ በየደረጃው የሚያሠለጥን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። ሲሄዱም ደብተሩን ይዞ መሄድ ነው፤ ባለሙያው አስቀድሞ የሚጠይቀው መቼ፣ የትና በየትኛው እጅ የሚለውን ነውና።