"አንድ ጨዋታ ነው ያበላሸብኝ"

የዛሬው ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ወረቀትም ስለ ካምፕም አይደለም፤ ስለ ቤቴ ነው። ከመለጠፌ በፊት ባለቤቴ አንብቦታል። ሁለት ቦታ ላይ "እንዲህ አልነበረም" ብሎ አርሞኛል፤ ከዚያ "ለሌላ ቤት ከጠቀመ ለጥፊው" አለኝ። ስለዚህ ከጀርባው ያማሁት እንዳይመስላችሁ።

ባለቤቴ የኳስ ውርርድ ይጫወት ነበር። "ነበር" የምለው ዛሬን ነው፤ ስለ ነገ ማንም አይምልም።

መጠጥ ቢሆን ኖሮ ቶሎ አውቅ ነበር። መጠጥ ይሸታል፣ ያንገዳግዳል፣ ጎረቤት ይሰማዋል። ውርርድ ግን አጠገባችሁ ተኝቶ ነው የሚካሄደው። ስልኩን ይዞ ወደ ግድግዳ ይዞራል፣ ሃምሳ ሽልንግ ያስገባል፣ ያልቃል። ጠዋት ሥራው ላይ ነው፣ ማታ ቤቱ ነው። ኢስሊ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ዕቃ ሲያወርድ ውሎ በቀን ወደ 800 ሽልንግ ያገኛል። እኔ ቡና አፈላለሁ፣ እንጀራ እሸጣለሁ። የቤት ኪራያችን 9,000 ነው። በኛ ሂሳብ ውስጥ ለጨዋታ የሚተርፍ ነገር የለም።

የታወቀው በዕቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች በየሳምንቱ አንድ አንድ ሺህ እንጥላለን፤ ዕጣው ሲደርሰኝ 12,000 ወሰድኩ። የኪራይ ውሉ በሱ ስም ስለሆነ ዘጠኙን ሺህ ወደ እሱ ስልክ ላክሁለት። በአምስተኛው ቀን አከራዩ በሩን አንኳኳ። ባለቤቴ "ኔትወርክ አስቸግሮ ነው፣ ገንዘቡ ተንጠልጥሏል" አለኝ፤ አመንኩት። በሰባተኛው ቀን አሜሪካ ያለችው እህቱ ደወለችልኝና "ልጅቷ ተሻላት? ከሆስፒታል ወጣች?" አለችኝ። ልጄ እኮ አጠገቤ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።

ወገኖቼ፣ የኪራዩ ገንዘብ አንገብግቦኛል። ያንን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። የሰባት ዓመት ልጄን በአፉ ሆስፒታል አስተኝቶ ነው ገንዘብ ያስላከው። ከዚያ በኋላ "ሥራ አምሽቼ ነው" ሲለኝ ምኑን ልመን?

ጮኽኩ፣ አለቀስኩ፣ ሲደክመኝ ተውኩት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ "የስድስት ወር የኤምፔሳ ስቴትመንት አውጣልኝ።" ይቅርታ እንዲጠይቀኝም እንዲምልልኝም አልጠየቅሁም።

አሠራሩን ለማታውቁ፦ በራሱ ስልክ *334# ይደወልና ስቴትመንት የሚለው ይመረጣል። ዝርዝሩ በኢሜይል ይመጣል፣ መክፈቻ ቁጥሩ ደግሞ በመልእክት ይላካል። እያንዳንዱ መስመር ቀንና ሰዓት አለው፣ የገባውና የወጣው ለየብቻው ተጽፏል። ውርርድ አብዛኛውን ጊዜ Pay Bill በሚል ነው የሚታየው። ይህን ሰውየው ራሱ ነው ማውጣት ያለበት። ተኝቶ እያለ ስልኩን ሰርቃችሁ ብታወጡት ወረቀቱን ታገኛላችሁ፣ ሰውየውን ግን አታገኙትም። ሲምካርዱ በሌላ ሰው ስም የወጣ ከሆነም፣ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን፣ ሌላ መስመር መኖር አለመኖሩን ጠይቁ።

ወረቀቱ ሲመጣ ሁለታችን ቁጭ ብለን በእስክሪብቶ ደመርነው። በስድስት ወር 417 ጊዜ አስገብቷል፤ ድምሩ 94,300 ሽልንግ። ያሸነፈው ተመልሶ የገባለት 61,150 ነው። የጠፋው 33,150፣ ከሦስት ወር ተኩል በላይ ኪራይ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ከጓደኞቹና ከስልክ ብድር 27,500 ዕዳ ነበረበት።

ባለቤቴ ከኔ ይልቅ ደነገጠ። "እኔ እኩል በእኩል የወጣሁ ነበር የመሰለኝ" አለ። እውነቱን ነው። 61,150 የበላውን ያስታውሰዋል፤ እያንዳንዷን ሃምሳና መቶ ግን ማን ያስታውሳታል? አብዛኞቹ የገቡት ደግሞ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ፣ በተለይ ከተሸነፈ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው። የሄደውን ለመመለስ ነው የሚጫወተው። ይህን በወረቀት ላይ ማየት ከመቶ ምክር በልጦ ነበር።

አንዲት ነገር ሁልጊዜ ይላል፤ እናንተም ቤት ትባላለች፤ "አምስቱን ልይዘው አንድ ጨዋታ ነው ያበላሸብኝ።" ለትንሽ እንዳመለጠው፣ ነገ እንደሚይዘው ያስባል። ሂሳቡን እንየው። አምስት ጨዋታ አንድ ላይ ያዘ እንበል፤ እያንዳንዱ ቡድን ከመቶ ሰባውን ጊዜ የሚያሸንፍ ጠንካራ ቡድን ነው። አምስቱም የሚያሸንፉት ከመቶ 17 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። አራቱ ይዘው አንዱ ብቻ የሚያበላሸው ግን ከመቶ 36 ጊዜ ነው። ማለትም "አንድ ጨዋታ አበላሸብኝ" የሚለው ቲኬት፣ ከሚያሸንፈው ከእጥፍ በላይ ይመጣል። መጥፎ ዕድልም አይደለም፣ መቅረብም አይደለም። የቲኬቱ ተፈጥሮ ነው። ከሁሉም በላይ የጎዳው ይህ "ልደርስ ነበር" የሚል ስሜት ነው።

ከዚያ ዘመድ ተሰበሰበ። እህቱ ዕዳውን በሙሉ እልካለሁ አለች። ሽማግሌዎች መጡ፣ መጽሐፍ አስመተው አስማሉት፣ እኔን ደግሞ "ይቅር በይው፣ ስደት ነው" አሉኝ። ሽማግሌዎቹን አከብራለሁ። ግን መሐላው ሲያልቅ ደመወዙ የሚገባው ያው ስልክ ላይ ነበር። በሰው ልብ ውስጥ ያለውን መሐላ አላየውም፤ ገንዘቡ የት እንዳለ ግን አያለሁ።

ለእህቱ እንዲህ አልኳት፤ "እሙዬ፣ ለሱ አትላኪ። ዕዳውን በአንድ ቀን ከከፈልሽለት ነገ ባዶ ዕዳና ነጻ ስልክ ይዞ ይነሳል።" ተቀየመችኝ፤ ሁለት ወር አላናገረችኝም። ዕዳው ግን እስከ መጨረሻው ከራሱ ላብ ተከፈለ። በሳምንት 1,000 እየከፈለ 28 ሳምንት ፈጀ። አበዳሪዎቹን አንድ በአንድ ሄዶ ያነጋገረው ራሱ ነው፤ እኔ አልሄድኩም።

ቤት ውስጥ የተስማማነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አሠሪውን ራሱ ጠይቆ ደመወዙ ወደ እኔ ስልክ እንዲገባ አደረገ። ለትራንስፖርትና ለምሳ በቀን 200 በእጁ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ኪራዩን ለአከራዩ የምልከው እኔ ነኝ፤ መልእክቱን ለሱ አሳየዋለሁ፣ እኔም እንዳልደብቅ። ሦስተኛ፣ በወሩ መጨረሻ የሁለታችንም ስቴትመንት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የሱ ብቻ ቢሆን እስር ቤት ይሆን ነበር።

ይህ ሁሉ ቀዳዳ አለው። አዲስ ሲም ማውጣት ይችላል፣ ከጓደኛ ስልክ መጫወት ይችላል፣ በጥሬ ገንዘብ ሱቅ ገብቶ መቁረጥ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ አላይም። ቅዳሜና እሁድ ምክንያት የሌለው ቁጣ፣ ውጤት ሲነገር መነጫነጭ፣ ምሳ ሳይበላ መዋል፣ ከማላውቀው ሰው ብድር፣ እነዚህን አያለሁ።

በአራተኛው ወር ወደቀ። ከጓደኛው 1,500 ተበድሮ በአንድ ምሽት ጨረሰው። ግን በማግስቱ፣ እኔ ምንም ሳላውቅ፣ ቡና እያፈላሁ መጥቶ "ትናንት ተጫወትኩ፤ 1,500 ነው፤ የእገሌ ነው" አለኝ። ተናደድኩ። ሆኖም ያን ቀን ነው ለመቆየት የወሰንኩት፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የሚጫወት ሰው ሊወድቅ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከመጠጥና ከዕፅ ሱስ ጎን አስቀምጦታል፤ በፈቃድ ብቻ በአንድ ቀን የሚጣል አይደለም። ስለዚህ "ዳግመኛ ተጫወተ ወይ?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃኝም። የኔ ጥያቄ "ማን ቀድሞ ነገረኝ?" ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የነገረኝ አከራዩና እህቱ ናቸው። በሁለተኛው የነገረኝ እሱ ነው። ገንዘብ ሲጠፋ ሠርቼ እተካዋለሁ፤ እያንዳንዱን ቃል እየመረመርኩ ግን መኖር አልችልም። ከዚያ ወዲህ አሥር ወር ሆኖታል።

መቆየቴን የሴት ልጅ ግዴታ አድርጋችሁ እንዳታነቡት። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። የሚመታችሁ ካለ ይህ ሁሉ ምክር ለእናንተ አይደለም፤ ስቴትመንት አምጣ ብላችሁ ብቻችሁን አትፋጠጡ፤ መጀመሪያ ለራሳችሁና ለልጆቻችሁ ደኅና ቦታ ፈልጉ። የልጅ ምግብ እየሸጠ የሚጫወት፣ ስቴትመንቱን የማያሳይ፣ ቁልፉን አልሰጥም የሚል ከሆነም እኔ አልቆይም ነበር።

ብዙ እህቶች በውስጥ መስመር የሚጽፉልኝ "ፋይላችን አንድ ላይ ነው፤ ብለየው ጉዳዬ ይበላሻል" እያሉ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ፋይል ቢመዘገቡም ፋይል እንዲለያይ መጠየቅ ይቻላል። ምዝገባ ቢሮ ሄዳችሁ ብቻችሁን መናገር እንደምትፈልጉ ጠይቁ፤ አስተርጓሚው የሱ ዘመድ ወይም ጓደኛ ከሆነ ሌላ እንዲሰጣችሁ ንገሩ። ጊዜ ይወስዳል፤ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑም ይጠየቃል። ከባድ ነው፣ ግን በር አለ። በፋይል ምክንያት መቆየትና ወዶ መቆየት አንድ አይደሉም። እኔ በሩ የት እንዳለ ካወቅሁ በኋላ ነው የቆየሁት።

ውጭ ላላችሁ ወንድምና እህቶቻችን አንድ ልመና አለኝ። ከዚህ ድንገት "ልጅ ታመመ፣ ዛሬውኑ" የሚል ስልክ ሲመጣ አትጨክኑ፤ ግን ከመላካችሁ በፊት ለባለቤቱም ደውሉ። በእውነት ታሞ ከሆነ ለሆስፒታሉ በቀጥታ ክፈሉ። ኪራይ ከሆነ ለአከራዩ ላኩ። የባለቤቴ እህት አሁን እንደዚህ ነው የምታደርገው። ባለፈው ወር ለልጃችን ዩኒፎርም የሚሆን ለእኔ ስትልክ፣ ለወንድሟ ደግሞ "ለሚስትህ ልኬአለሁ" ብላ መልእክት ጻፈችለት። እሱም መልእክቱን ሳልጠይቀው አምጥቶ አሳየኝ።