ክፍያዎ አላለፈም፦ የማናውቀውን ምክንያት ለደንበኛ ስለመንገር

በካርድ የተሞከረ ክፍያ ሳይሳካ ሲቀር ሻጩ ለከፋዩ የሚልከው አጭር ደብዳቤ የምጣኔ ሀብት ባለሙያን ትኩረት የሚስብ አይመስልም። እኔን የሳበኝ በአንድ ምክንያት ነው፤ ስለ ጉዳዩ ከሁሉም ያነሰ የሚያውቀው ወገን በእርግጠኝነት የሚናገርበት ደብዳቤ ስለሆነ ነው። «እባክዎ በሂሳብዎ ውስጥ በቂ ገንዘብ መኖሩን ያረጋግጡ» የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር በአብዛኛው ግምት እንጂ መረጃ አይደለም። ግምቱም ዘወትር የሚያርፈው በከፋዩ ላይ ነው።

ይህን በቅርብ ለማየት ዕድል ያገኘሁት ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ ነው። በውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች በኢንተርኔት አማርኛ የሚያስተምር፣ በአሜሪካ የተመዘገበ አንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት አለ፤ እኔም በአስተዳደር ኮሚቴው ውስጥ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ወላጆች የሚኖሩት በተለያዩ አገሮች ስለሆነ ክፍያው የሚፈጸመው በካርድ ነው። ክፍያ ሳያልፍ ሲቀር የሚላከው ደብዳቤ እኔ ወደ ኮሚቴው ከመግባቴ በፊት ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለሁሉም ሰው፣ በማንኛውም ምክንያት፣ ያው አንዱ ይላክ ነበር።

ደብዳቤው ለምን መስተካከል እንዳለበት ለመረዳት ከፋዩ ቁልፉን ከተጫነ በኋላ የሚሆነውን መከተል ይጠቅማል። ጥያቄው ከሻጩ ወደ ክፍያ አስተላላፊው ድርጅት፣ ከዚያ እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ወዳሉት የካርድ መረቦች፣ በመጨረሻም ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ይሄዳል። ባንኩ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መልሱን በሁለት አሃዝ ይልካል። 00 ማለት ተፈቅዷል ማለት ነው። 54 የካርዱ የአገልግሎት ጊዜ ማለፉን፣ 51 ለክፍያው የሚበቃ ገንዘብ አለመኖሩን፣ 91 የባንኩ ሥርዓት በዚያች ሰዓት ሊገኝ አለመቻሉን ይናገራሉ። ብዙ ጊዜ ከሚያጋጥሙት አንዱ የሆነው 05 ግን «ይህን ክፍያ አትቀበል» ከማለት አያልፍም። ባንኩ ምክንያቱን ያውቃል፤ ለሻጩ ግን አይገልጽም፤ አንድም የደንበኛው ምሥጢር ስለሆነ፣ አንድም ዝርዝሩ የሰው ካርድ ይዞ ለሚሞክር አጭበርባሪ ፍንጭ ስለሚሆን። ስለዚህ ሻጩ 05 ሲደርሰው በሐቅ ሊናገር የሚችለው «አልተፈቀደም፣ ምክንያቱ አልተነገረኝም» የሚለውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አንድ ጉዳይ ልለፍ። ዱባይ የሚኖሩ አንድ አባት ለሁለት ልጆቻቸው የመንፈቅ ክፍያ 180 ዶላር ለመክፈል ሞከሩ። የክፍያ ገጹ አምስት አሃዝ ያለው ዚፕ ኮድ ካልተሞላ አላሳልፍም አለ። በተባበሩት የአረብ ኤምሬቶች ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነ ዚፕ ኮድ የሚባል ነገር የለም፤ እሳቸውም የአገሩ ነዋሪዎች እንደሚያደርጉት 00000 ብለው ሞሉ። ወዲያው ከባንካቸው 661 ድርሃም መያዙን የሚገልጽ የጽሑፍ መልእክት በስልካቸው ደረሳቸው፤ ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 ገደማ የተቆራኘ ስለሆነ ይህ ልክ 180 ዶላር ነው። በዚያው ደቂቃ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ይህ ደብዳቤ መጣ፦

«ክፍያዎ በባንክዎ ውድቅ ተደርጓል። ያስገቡት የካርድ መረጃ ትክክል መሆኑንና በሂሳብዎ ውስጥ በቂ ገንዘብ መኖሩን አረጋግጠው እባክዎ እንደገና ይሞክሩ። ክፍያው ካልተጠናቀቀ ምዝገባዎ ይሰረዛል።»

አባትየው በታዘዙት መሠረት እንደገና ሞከሩ፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ደገሙ። በሦስተኛው ሙከራ 1,983 ድርሃም ከሂሳባቸው ተይዞ፣ ትምህርት ቤቱ ግን አንድም ሳንቲም እንዳልደረሰው እየነገራቸው ነበር። በማግስቱ የጻፉልን መልስ አጭር ነው፦ «ገንዘቡ ከእኔ ወጥቷል። የሌለኝ መስሏችሁ ከሆነ የባንኩን መልእክት ፎቶ አንስቼ ልልክላችሁ እችላለሁ።» ሰውዬው የጠየቁት ስለ ምዝገባው አልነበረም። ገንዘብ እንዳላቸው ሊያስረዱ ነበር የተነሡት።

ከገንዘብ ያዣችን ጋር ሆነን የክፍያውን መዝገብ ከፈትን። የባንኩ መልስ 00 ነው፤ ማለትም ባንኩ ፈቅዷል። ከእሱ ቀጥሎ የአድራሻ ማመሳከሪያው ውጤት G ይላል። ይህ ማመሳከሪያ ከፋዩ የሞላው የቤት ቁጥርና ዚፕ ኮድ በባንኩ ከተመዘገበው ጋር መግጠሙን የሚጠይቅ ሲሆን፣ በዋናነት የሚሠራው በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ ነው። G ማለት ካርዱን የሰጠው ባንክ ከአሜሪካ ውጭ ነው፣ በዚህ ማመሳከሪያም አይሳተፍም ማለት ነው። የእኛ የክፍያ ገጽ ደግሞ አድራሻው ያልተረጋገጠን ክፍያ ሁሉ እንዲመልስ ተደርጎ ነበር የተዘጋጀው። ገንዘብ ያዣችን መዝገቡን ደጋግመው ካዩ በኋላ «ታዲያ የከለከልነው እኛው ነን በይኛ!» አሉኝ። በእርግጥም ባንኩ ፈቅዶ ገንዘቡን ለእኛ ይዞ ሳለ፣ የመለሰው የእኛ ደንብ ነበር። ደብዳቤው ግን «በባንክዎ ውድቅ ተደርጓል» ይል ነበር።

ስለዚህ የድሮው ደብዳቤ ዋና ጉድለት ቃናው ሻካራ መሆኑ አይደለም። «እባክዎ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ቢጨመርበትም ሐሰት መሆኑ አይቀርም፤ «እንደገና ይሞክሩ» የሚለው ምክሩም ጉዳት ማድረሱ አይቀርም፤ እያንዳንዱ ሙከራ ሌላ 661 ድርሃም ያስይዛልና። ነቀፋ የሌለበት መልስ ስንጽፍ መነሻችን ትሕትና ሊመስል ይችላል፤ በተግባር ግን የሚጠይቀው ትክክለኛነትን ነው። የማናውቀውን ምክንያት ከደብዳቤው ስናወጣ ነቀፋው አብሮ ይወጣል።

አዲሱን ደብዳቤ የጻፍነው ገንዘቡ ያልገባለት ሰው በቅደም ተከተል ለሚያነሣቸው ሦስት ጥያቄዎች መልስ እንዲሆን ነው፤ ገንዘቤ የት አለ፣ ቦታዬን አጥቻለሁ ወይ፣ አሁን ምን ላድርግ።

«ጤና ይስጥልን። ትናንት ለልጆችዎ ትምህርት የሞከሩት የ180 ዶላር ክፍያ እኛ ዘንድ አልገባም። ባንክዎ የያዘው ገንዘብ አልተከፈለንም፤ ሦስቱም እንዲለቀቁልዎ ዛሬ ጥያቄ ልከናል፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ ሂሳብዎ ይመለሳል። ምክንያቱ ከእኛ በኩል ነው፤ የክፍያ ገጻችን ከአሜሪካ ውጭ የተሰጡ ካርዶችን አድራሻ ማመሳከር አይችልም። የልጆችዎ ቦታ እስከ ሴፕቴምበር 30 ተጠብቆላቸዋል። አሁን የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ በታች ባለው ማስፈንጠሪያ አንድ ጊዜ ይክፈሉ፤ ገጹ ዚፕ ኮድ አይጠይቅም። ካላለፈ እባክዎ አይድገሙት፤ ለዚህ ደብዳቤ ብቻ ይመልሱልን፣ ሌላ መንገድ እናመቻቻለን። የካርድዎን ቁጥር ግን በኢሜይል አይላኩልን።»

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማብራራት ይገባኛል። የመጀመሪያው «እንዲለቀቁልዎ ጥያቄ ልከናል» የሚለው ቃል ነው። የተያዘ ገንዘብ በራሱ ጊዜ ይለቀቃል፤ የሚወስደው ጊዜ ግን እንደ ባንኩ ይለያያል። ሻጩ በክፍያ አስተላላፊው በኩል የተሰጠውን ፈቃድ እንዲሰረዝ ካደረገ ሊፈጥን ይችላል። ይህ ሳይደረግ ተደርጓል ተብሎ መጻፍ የለበትም፤ ቀኑንም ቆርጦ ተስፋ መስጠት አይገባም፤ የሚለቅቀው ባንኩ ነውና። ሁለተኛው ዚፕ ኮድ የማይጠይቀው ገጽ ነው። የአድራሻ ማመሳከሪያው ያለ ምክንያት አልተፈጠረም፤ የተሰረቀ ካርድ ይከላከላል። እኛ ከአሜሪካ ውጭ ለተሰጡ ካርዶች በእሱ ምትክ ያደረግነው ባንኩ ራሱ ለደንበኛው የአንድ ጊዜ የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ እንዲልክ ነው።

ይህ ደብዳቤ ግን ለሁሉም አይሆንም። 05 ሲመጣ ምክንያቱ ከእኛ ነው ማለትም እንዲሁ ግምት ነው። በዚያ ጊዜ የምንለው «ባንክዎ ይህን ክፍያ አልፈቀደም፤ ምክንያቱ ለእኛ አይገለጽልንም። በካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውለው ‹ወደ አሜሪካ የ180 ዶላር ክፍያ ልፈጽም ስል ተከልክያለሁ፣ ይፈቀድልኝ› ይበሏቸው» ነው። ለባንክ የሚነገረውን ቃል አዘጋጅቶ መስጠት «ባንክዎን ያነጋግሩ» ከማለት ይሻላል፤ ደዋዩ ስልኩን ያነሣውን ሠራተኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ጉዳዩ ይመራዋልና።

ከሁሉም የሚከብደው 51 ነው። እዚህ ምክንያቱን እናውቃለን፤ ቢሆንም አንጽፈውም። በእኛ ዘንድ የኪስ ነገር ገመና ነው፤ ኢሜይሉንም የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ሊከፍተው ይችላል። ባንኩ ለደንበኛው በራሱ መንገድ ሊነግረው ይችላልና የእኛ መድገም የሚጨምረው እፍረት ብቻ ነው። ስለዚህ «በዚህ ካርድ ሊያልፍ አልቻለም፤ በሌላ ካርድ፣ በሌላ ቀን፣ ወይም በሁለት ጊዜ ከፍለው መክፈል ይችላሉ» እንላለን፤ ምርጫው ለሁሉም ወላጅ የተፈቀደ መሆኑንም እንጨምራለን። ካርዱ መጥፋቱን ወይም መሰረቁን የሚጠቁሙት 41 እና 43 ሲመጡም ዝርዝሩን አንናገርም፤ የሚያነበን ሰው የካርዱ ባለቤት መሆኑን ማረጋገጥ አንችልምና።

አዲሱ ደብዳቤ ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ በትምህርት ቤታችን መጠን የተሰበሰበ መረጃ ብዙ አያስረዳም፤ በምዝገባ መዝጊያ ሰሞን የሚከፍል ሰው ደብዳቤው ባይጻፍለትም ሊከፍል ይችል ነበር። ስለዚህ የምንመዘግበው የተከፈለውን ገንዘብ ብቻ አይደለም። አንድ ወላጅ ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ ስንት ጊዜ እንደሞከረና «ገንዘቤ ተቆርጧል ወይ?» ብሎ መጻፉን እንመዘግባለን። ደብዳቤው ግልጽ ከሆነ ሁለቱም መቀነስ አለባቸው።

የዱባዩ አባት በአዲሱ ማስፈንጠሪያ በመጀመሪያው ሙከራ ከፈሉ። ገንዘብ ያዣችንም ደብዳቤ ከመላካቸው በፊት የሚያነቡትን መመሪያ በአንድ ገጽ ጽፈው ከጠረጴዛቸው ፊት ለጥፈዋል። የመጀመሪያው መስመር «መጀመሪያ መዝገቡን ክፈት፤ የከለከለው ማን ነው?» ይላል።