የአንቀጽ 17 ጥያቄ

በአዳማ ከተማ በታሪክ መምህርነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት ካረምኋቸው የፈተና ወረቀቶች መካከል አንዲቱ እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልወጣችም። ጥያቄው ለተማሪዎች የተለመደ ነበር፤ ስለ አንድ ድርጊት ሁለት የታሪክ ምሁራን የሰጡት ትርጓሜ ይቀርብና «ስለምን ተለያዩ?» ተብሎ ይጠየቃል። በዚያ ፈተና የቀረበው ድርጊት እ.ኤ.አ. በ1889 ዓጼ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ የተፈራረሙት የውጫሌ ውል ነው።

እንደሚታወቀው የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ «ኮንሴንቴ»፣ ይኸውም «ይስማማሉ» ይላል። ሮማም በዚህ ቃል ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል በዚያው ዓመት ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ክርክሩ ልዩነቱ እንዴት ተፈጠረ ከሚለው ላይ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ስዊድናዊው ስቨን ሩበንሰን አንቶኔሊ እያወቀ አታሏል ብለው ሲጽፉ፣ ኢጣልያዊው ካርሎ ጂሊዮ ስለ አንቶኔሊ ተሟገቱ። ከ1964 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በአንድ የአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ላይ ተመላልሰው ተጻጻፉ።

ለእርማት ባዘጋጀሁት መልስ ላይ «ጂሊዮ ለአገሩ ስላደላ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። አብዛኛው ተማሪ ይህንኑ ጽፎ ሙሉ ነጥብ አገኘ። ከወንጂ እየተመላለሰች የምትማር አንዲት ልጅ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ ስለ ወገንተኝነት አንዲት ቃል አላነሳችም። ከአሥር ሦስት ሰጠኋት። ወረቀቱን በመለስሁ ጊዜ ወደ ጠረጴዛዬ ቀርባ፣

«መምህር፣ የሰዎቹን አገር ማወቅ ከበቃ ጽሑፋቸውን ለምን እናነባለን?» አለችኝ።

ፊቴ ተለዋወጠ። መልስም አላገኘሁላትም። ማታ ወረቀቷን እንደገና አነበብሁት።

ልጅቱ አስቀድማ የለየችው ሁለቱ ምሁራን የሚስማሙበትን ነው፤ ሁለቱም የቃላቱን መለያየት አይክዱም። ቀጥላም «አንቀጹ» በሚለው ስም ሥር ሦስት ጥያቄዎች እንደተሸሸጉ አሳየች። የትኛው ቅጂ ያስገድዳል? ምኒልክ የፈረሙት ምን መስሏቸው ነው? አንቶኔሊስ በልቡ ምን አስቦ ነበር? የመጀመሪያውን ውሉ ራሱ ይመልሳል፤ ሁለቱ ቅጂዎች እኩል ይጸናሉ ይላልና። ለሁለተኛው ምስክር አለ፤ ምኒልክ በውጫሌ ከፈረሙ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ በኢጣልያ በኩል ሳያልፉ ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጽፈዋል። ለመላላክ በሌላ በኩል መሄድ ግዴታዬ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንዲህ አያደርግም። ሦስተኛው ግን የሰው ልብ ነው፤ የሁለቱ ምሁራን ጠብም በዋናው እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የሰውን ሐሳብ ከወረቀት ለማውጣት የሚጥር ሁሉ ከየትኛው ወረቀት እንደሚጀምር አስቀድሞ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ጂሊዮ በኢጣልያ መንግሥት መዛግብት ላይ የተመሠረተ ሰፊ ሥራ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ሩበንሰን ደግሞ የአማርኛውን ደብዳቤና የአማርኛውን ቃል አብጠርጥረው የሚመረምሩ። ከሮማ የሚነሣ አንባቢ አንቶኔሊን ከአለቆቹ ትእዛዝ እየተቀበለ የሚሠራ ሰው አድርጎ ያየዋል። ከአንኮበር የሚነሣ ደግሞ በ1883 እ.ኤ.አ. አንቶኔሊ ራሱ ከምኒልክ ጋር የተፈራረመውን ውል ያገኛል፤ በዚያ ውል ተመሳሳዩ አንቀጽ ፈቃድ እንጂ ግዴታ አልነበረም። በስድስት ዓመት ውስጥ ፈቃዱን ወደ ግዴታ የለወጠው ሰው መለወጡን ለምኒልክ ነግሯቸዋልን? እኔ በበኩሌ ወደ ሩበንሰን አዘነብላለሁ። ነገር ግን በአስተርጓሚው አንደበት ያለፈው ቃል በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረምና፣ ማዘንበሌ ከማዘንበል አያልፍም። ልጅቱም ይህንኑ «አልተጻፈም» በምትል አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ዘግታዋለች፤ እኔ ደግሞ በቀይ እስክርቢቶ «ያልተሟላ» ብዬበት ነበር!

ወገንተኝነት የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ነገር ግን የሚታወቀው በጸሐፊው ፓስፖርት ሳይሆን፣ በእጁ ያለውን የሚቃወመውን ማስረጃ ሲያልፈው ነው። አንዱ ሌላውን በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለፈው ሊያሳይ የማይችል ተማሪ «አድልቷል» ቢል ስድብ ጻፈ እንጂ መልስ አልጻፈም። ስዊድናዊው ለኢትዮጵያ የሚያደላበት ምን ምክንያት ነበረው ብሎ የጠየቀም ከሙሉ ነጥብ ባለቤቶቹ አንድ አልነበረም።

በማግሥቱ ነጥቡን ላስተካክል ወደ መዝገብ ክፍሉ ሄድሁ። የውጤቱ ዝርዝር ተላልፎ ነበር። ወረቀቷን ግን ወስጄ ሦስቱን ሰርዤ ዘጠኝ ጻፍሁበትና መለስሁላት፤ እርስዋም ቀዩን ቁጥር ዐይታ፣ «አንዱን ስለምን አስቀሩ?» አለችኝ። የጂሊዮን ክርክር ከሩበንሰን ያነሰ ቦታ ሰጥተሽዋልና ነው አልኋት።