የበርበሬው ቅናሽና የመንዝ ገበያ

ባለፈው እሁድ ከጋሼ ጋር ተኳርፈን ዋልን። ጋሼ የምላቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባልትና ቤት ያላቸው ሰው ናቸው፤ ሳምንት መጨረሻ ላይ ሂሳባቸውን የምሠራላቸው እኔ ነኝ። የካቲት ላይ ቤቱ ቀዝቀዝ ሲልባቸው «በርበሬ 20 ፐርሰንት ቅናሽ! ለሦስት ቀን ብቻ!» የሚል ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጠፉ። ሰው ተሰለፈ። መደርደሪያው ባዶ ሆነ። የወሩን ሂሳብ ዘግቼ «ጋሼ፣ በዚህ ቅናሽ ከስረናል» ስላቸው እንደ ሰደብኳቸው ቆጠሩት።

«ሳጥኑ ሞልቶ አላየሽም እንዴ?»

አይቻለሁ። ነገሩ ያለው እዚያው የሞላው ሳጥን ውስጥ ነው። ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች አጠጋግቼ ላቅርበው። አንድ ከረጢት በርበሬ ከነመጓጓዣው 14 ዶላር ያስወጣቸዋል፤ በ20 ዶላር ይሸጡታል። ትርፋቸው 6 ዶላር ነው። ከዓርብ እስከ እሁድ በወትሮው 40 ከረጢት ይሸጣሉ፤ 240 ዶላር ያተርፋሉ ማለት ነው። 20 ፐርሰንት ሲቀንሱ መሸጫው 16 ዶላር ሆነ። ደንበኛው ያየው ዋጋው በአምስተኛ መውረዱን ነው። የእሳቸው ትርፍ ግን ከ6 ዶላር ወደ 2 ዶላር ወረደ፤ ሁለት ሦስተኛው ሄደ። ቅናሹ የሚቆረጠው ከዋጋው ላይ ይመስላል እንጂ የሚቆረጠው ከትርፉ ነው፤ አስመጪው 14 ዶላሩን አልቀነሰላቸውም።

እንግዲህ የድሮውን 240 ዶላር ለማግኘት ስንት ከረጢት መሸጥ ነበረባቸው? የቀድሞውን ትርፍ ለአዲሱ ትርፍ ማካፈል ነው፤ 6 ለ2 ሲካፈል ሦስት ይሆናል። ሦስት እጥፍ፣ 120 ከረጢት። የሸጡት 90 ነው። ሳጥኑ ውስጥ 800 ዶላር ይገባ የነበረው 1,440 ገባ፤ ከዚያ ውስጥ የእሳቸው የሆነው 180 ብቻ ነው። ከወትሮው በ60 ዶላር አንሷል፤ ያውም ሦስት ቀን ሙሉ ወገባቸው እስኪቆረጥ ቆመው።

ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። የከፋው በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት የመጣው ነው። የሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ 20 ከረጢት፣ ከዚያ የሚቀጥለው 25 ተሸጠ። በወትሮው 80 ይሸጥ በነበረበት 45፤ የጎደለው 35 ከረጢት በ6 ዶላር ሲመታ 210 ዶላር ነው። ደንበኞቹ የት ሄዱ? የትም አልሄዱም፤ በርበሬያቸውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠዋል። በርበሬ ረከሰ ብሎ ወጥ ደጋግሞ የሚሠራ ቤት የለም። ሰዉ ያው የሚበላውን ነው ቀድሞ የገዛው፤ ጋሼ የመጋቢትን ገበያ የካቲት ላይ በ2 ዶላር ትርፍ ሸጡት። 60 እና 210፣ ድምሩ 270 ዶላር። ቅናሽ ሠርቷል ወይ ተብሎ የሚታየው በቅናሹ ቀን ሳይሆን ከቅናሹ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። እንደ ዳቦና እንደ ወተት የማይከማች ነገር ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ከ60 ዶላሩ ባላለፈ ነበር።

ደረሰኞቹንም አገላበጥኳቸው። እዚህ አገር ለታንክስጊቪንግ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ተርኪውን አንዳንዴ ከመግዣው በታች ይሸጡታል፤ ጋሼም «እነሱ ያውቁበታል» ባይ ናቸው። ያውቁበታል፣ ምክንያቱም ለተርኪው የገባ ሰው ቅቤውን፣ ድንቹን፣ ኬኩንና መጠጡን ሳይሞላ አይወጣም። የጋሼ የሦስት ቀን ደረሰኝ ግን አብዛኛው አንድ መስመር ነው፦ በርበሬ፣ በርበሬ፣ በርበሬ። መግቢያው ላይ ከስሮ ጓዳው ላይ ማትረፍ ጓዳ ላለው ነው።

እኔ ያደግሁት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። አክስቴ ገበያ የምትወጣው የተፈተለ የበግ ጠጉርና ባና ይዛ ነበር። ዛሬ በዚህ ሁሉ ወረቀትና ፐርሰንት መካከል ቁጭ ስል እሷ ትዝ ትለኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ «ቅናሽ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ከፍ አድርጋ ትጠራለች፣ ገዢው ያጣጥላል፣ እሷ ትሳሳቃለች፣ ገዢው ሄዶ ይመለሳል። ለተመለሰው ትቀንሳለች። ላልሄደው ለምን ትቀንሳለች? እዚህ ላይ ነው የጋሼ ወረቀት የሚሸነፈው። መስታወት ላይ የተለጠፈ ቅናሽ በሙሉ ዋጋ ሊገዛ ለመጣውም፣ ዋጋው ከብዶት ሊመለስ ለነበረውም እኩል ይደርሳል። የመጀመሪያው 4 ዶላር በነጻ ተሰጠው። ከዘጠናው ከረጢት እንደ ወትሮው አርባው ያለ ወረቀቱም ይሸጥ ነበር፤ 160 ዶላር ሳይጠየቅ ተበተነ። የመንዝ ገበያ ክርክር ቅናሹን ቅናሽ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ለይቶ ያደርሳል።

ጊዜውም እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ የፋሲካ በግ ዋጋ በዓሉ ሲቃረብ ይወጣል እንጂ አይወርድም። የሚላላው ዋዜማው ከመሸ በኋላ ነው። ሾላ ወይም ካራ ድረስ በጎቹን ያመጣ ነጋዴ ያልሸጠውን ማሳደር፣ መቀለብ፣ ወይ በጭነት መመለስ አለበት፤ ነገ ደግሞ ገዢው አርዶ ጨርሷል። ስለዚህ ሲመሽ የሚቀንሰው እውነተኛ ምክንያት ስላለው ነው፤ ገዢውም ምክንያቱን ያየዋል። የጋሼ «ለሦስት ቀን ብቻ» ምክንያቱ ምን ነበር? በርበሬው አይበላሽም፣ አዲስ ጭነትም አልመጣም። አንዲት ደንበኛችን ሰኞ መጥታ «እስቲ ያችን ወረቀት መልሱልኝ» ብላ ስትለምን ጋሼ ሳቁና መለሱላት። ከዚያ ወዲህ ያቺ ሴት በ20 ዶላር አትገዛም፤ ቀጣዩን ወረቀት ትጠብቃለች።

አገሬን አሳመርኩ መሰለኝ። የአክስቴ ገበያ ለሁሉም ቸር አልነበረም። መከራከር የማይችል፣ የሚያፍር፣ አዲስ የተመደበ አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ ለለቅሶ የመጣ እንግዳ ያለ ምንም ወረቀት ይበልጥ ይከፍል ነበር። እኔ ራሴ ዋጋ ሲያስከራክሩኝ ጥዬ የምሄድ ነኝ፤ እዚህ አገር ከወደድኳቸው ነገሮች አንዱ ዕቃው ላይ የተጻፈው ዋጋ ነው። ደግሞ «ከፍ አድርጎ ጠርቶ መቀነስ» መደርደሪያ ላይ ሲጻፍ ሌላ ነገር ይሆናል። ጋሼ በኋላ እንደ መላ ያመጡት እሱን ነበር፦ በርበሬውን 25 ብለን እንጻፍና ሰርዘን 20 እናድርገው። አይሆንም አልኳቸው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ እንደሚለው የተሰረዘው ዋጋ ከምር ለበቂ ጊዜ ለሽያጭ ቀርቦ የነበረ መሆን አለበት፤ ለመሰረዝ ብቻ የተጻፈ ዋጋ ማታለል ነው።

ከአክስቴ ገበያ ያለ ሐፍረት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሻገረው ምራቂው ነው። ጥሩ ባና ላይ አክስቴ ዋጋ አትነካም፤ ገዢው ሲያቅማማ ልቃቂት የበግ ጠጉር ትደርብለታለች። ጠጉሩን ራሷ ስለፈተለችው እሷን የሚያስወጣት ጥቂት ነው፤ ገዢው ግን ገበያ ላይ በሚጠራበት ዋጋ ይቆጥረዋል። ይህን ወደ ጋሼ ቤት እናምጣው። በርበሬ 20 ዶላር፣ ሽሮ 12 ዶላር፤ መግዣቸው 14 እና 8። አብረው 32 ዶላር ይሸጣሉ፣ 10 ዶላር ይተርፋል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን 10 ፐርሰንት ብንቀንስ 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ከኪሳችን ይወጣል፤ 6 ዶላር ከ80 ይቀራል። በቅናሹ ፋንታ መደርደሪያው ላይ በ5 ዶላር የሚሸጠውን ዕጣን ብንመርቅ፣ ዕጣኑን የገዛነው በ1 ዶላር ከ50 ስለሆነ 8 ዶላር ከ50 ይተርፈናል። ደንበኛው የ5 ዶላር ነገር አገኘ፣ እኛ 1 ዶላር ከ50 አወጣን፣ የበርበሬውና የሽሮው ዋጋም በሰው ልብ ውስጥ አልወረደም።

ወጥመዱ አንድ ነው። ያ ሰው ድሮም ዕጣኑን ይገዛ ከነበረ የወጣው 1 ዶላር ከ50 ሳይሆን ሙሉ 5 ዶላር ነው፤ ከመጀመሪያው የ10 ፐርሰንት ቅናሽም ይብሳል። ስለዚህ ምን እንደሚመረቅ የሚወስነው ደረሰኝ ነው። የድሮዎቹን ደረሰኞች ሳገላብጥ በርበሬና ሽሮ አብረው የገዙት ሰዎች ዕጣን የጨመሩት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቡና የሚገዙት ግን አዘውትረው ይጨምራሉ። ዕጣን ለቡና ገዢ አይመረቅም። ለበርበሬ ገዢ ይመረቃል።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ጋሼ ረጋ ብለው «ታዲያ ከነጭራሹ ቅናሽ ብናቆምስ?» አሉ። እሱንም አልመክርም፤ ቅድም ካልኩት ጋር ቢጋጭም። ጄሲ ፔኒ በሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ሱቅ እ.ኤ.አ. በ2012 ሮን ጆንሰን የሚባል ሥራ አስኪያጅ ኩፖኑንና የማያልቀውን ቅናሽ አስቀርቶ ዓመቱን ሙሉ በቁርጥ ዋጋ ለመሸጥ ሞከረ። በዚያው ዓመት ሽያጩ ሩብ ያህል ወደቀ፤ ሰውየው በ2013 ሚያዝያ ተሰናበተ። ቅናሽ ያስለመድከው ደንበኛ በቅን ዋጋ አይመለስም። የጋሼ ደንበኞች ገና እዚያ አልደረሱም ብዬ ነው የምገምተው፤ ያቺ የሰኞዋ ሴት ግን ታሳስበኛለች።

ለፋሲካ የተስማማነው እንዲህ ነው። በርበሬና ሽሮ በሙሉ ዋጋቸው፣ ዕጣን ምራቂ፣ 60 ጥቅል ብቻ፤ ስልሳ ያልነው ለቡና ገዢዎች ከሚቀረው ውጪ ያለን ዕጣን ያን ያህል ስለሆነ ነው፤ ሲያልቅ ወረቀቱ ይወርዳል። ቡና የገዛ ሰው ዕጣኑን በዋጋው ይገዛል። ጋሼ ግን ወረቀቱ ላይ «ቅናሽ» የሚለው ቃል ካልገባ ማንም አያነበውም ብለው ድርቅ ብለዋል፤ ይገባል፣ አይገባም እያልን ነው። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት የበርበሬ ሽያጭ ለብቻው እየመዘገብኩ ነው የምቆየው። የሳምንት መጨረሻው ቁጥር ከ40 በእጅጉ ከወረደ ምራቂውም ያው የነገን ገበያ ዛሬ ሸጦታል ማለት ነው፤ ያኔ ለጋሼ ምን እንደምላቸው ገና አላሰብኩበትም።