አራት ደባል በአንድ ድስት፦ የጋራ ወጥ ተራ አወጣጥ በሲልቨር ስፕሪንግ

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ተጋርተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደባሎች የቤት ኪራይ መከፋፈል አይቸግራቸውም፤ ውሉ ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ። የምግብ ወጪ ግን ከገንዘቡ ሌላ ጾምን፣ የሥራ ሰዓትን፣ ጣዕምንና ጉልበትን ይነካል። አራቱም ለየብቻቸው ሲያበስሉ ሽንኩርት በቀን አራት ጊዜ ይቁላላል፣ ፍሪጁ በተረፈ ወጥ ይሞላል፣ ግማሹም ሳይበላ ይጣላል። ተራ ማውጣት ይህን ያስቀራል፤ የሚጸናው ግን የጋራ የሚሆነውና የግል የሚሆነው ነገር ከመነሻው ከተለየ ነው።

ለምሳሌ አራት ደባሎች እንውሰድ። አንዷ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊት የምትሠራ ነርስ ረዳት ናት፤ ሙስሊም ናት። ሁለተኛው የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ፣ ሦስተኛዋ የኮሌጅ ተማሪ ናቸው፤ ሁለቱም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ይጾማሉ። አራተኛው የኡበር ሹፌር ነው፤ ፕሮቴስታንት ስለሆነ ረቡዕና ዓርብን አይጾምም፣ ሥጋም ይወዳል። ሹፌሩ ለምግብ በሳምንት ሰማንያ ዶላር ቢያወጣ አይከብደውም፤ ተማሪዋ ከሠላሳ አምስት ማለፍ አትችልም።

የመጀመሪያው ሥራ መዋጮውን መወሰን ነው። እዚህ ላይ ዋናው እንቅፋት ይሉኝታ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «ስንት እናዋጣ?» ሲባል ከሁሉ ያነሰ ገቢ ያለው ሰው ዝም ይላል፤ ሌሎቹ ስድሳ ሲሉ እሱም ስድሳ ይላል። በሁለተኛው ወር መዋጮው ይዘገያል፣ በሦስተኛው ሰውየው «ውጭ በልቼ መጣሁ» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳይከብደው በየሳምንቱ ሊከፍል የሚችለውን በወረቀት ጽፎ አጥፎ ይሰጣል። ከአራቱ ትንሹ ቁጥር ለሁሉም እኩል መዋጮ ይሆናል፤ የማን እንደሆነ አይጠየቅም። በምሳሌው ቤት ሠላሳ አምስት ዶላር ይወጣል፣ ለአራት 140 ዶላር። ገንዘቡ እንደ ዕቁብ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ይገባል፤ ሰብሳቢው በየወሩ ይቀየራል፣ ደረሰኞቹም የፍሪጁ በር ላይ ይለጠፋሉ።

ቀጥሎ በዚህ ገንዘብ ምን እንደሚበላ ይወሰናል። አራቱም ሊበሉት የሚችሉት ምግብ የትኛው ነው ቢባል መልሱ የጾም ምግብ ነው። ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በድንችና ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ ፓስታ በቲማቲም ስጎ ሁሉም በዘይት ይሠራሉ። ለኦርቶዶክሶቹ ረቡዕና ዓርብም ይሆናሉ፤ ሙስሊሟም የሥጋውን ባራኪ ሳትጠይቅ ትበላቸዋለች፤ በዋጋም ከሥጋ በጣም ያንሳሉ። ስለዚህ የጋራው ድስት ዓመቱን ሙሉ የጾም ድስት ቢሆን በጀትና ሃይማኖት በአንድ ውሳኔ ይፈታሉ።

ሒሳቡ እንዲህ ሊሆን ይችላል። በሳምንት ከሚበሉት ሰባት እራቶች አምስቱ በእንጀራ፣ ሁለቱ በፓስታ ወይም በሩዝ ናቸው። አንድ ሰው በአማካይ አንድ ተኩል እንጀራ ቢበላ ለአምስቱ እራት ሠላሳ እንጀራ ያስፈልጋል። አሥሩ በ12 ዶላር ከተገዛ 36 ዶላር ይሆናል። ለጥራጥሬና ለሽሮ 24፣ ለሽንኩርት፣ ለነጭ ሽንኩርትና ለቲማቲም 22፣ ለአትክልት 26 ይመደባል። የቀረው 32 ዶላር ለዘይት፣ ለፓስታና ለሩዝ፣ ለበርበሬና ለዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይውላል። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ቁጥሮቹ በየቤቱ ይስተካከላሉ፤ ከሁሉ ትልቁ ወጪ እንጀራ መሆኑን ግን ብዙ ደባሎች ሒሳቡን እስኪሠሩ ድረስ አያስተውሉትም። ገንዘብ ካጠረ የመጀመሪያው መፍትሔ አንዱን የእንጀራ እራት ወደ ሩዝ መለወጥ ነው።

ከዚህ በላይ የሚፈለገው ሁሉ የግል ተጨማሪ ነው፤ ከግል ኪስ ይገዛል፣ በግል ዕቃ ይቀመጣል። ሹፌሩ ሥጋ ሲያምረው ጥብሱን በራሱ መጥበሻ ይጠብሳል፣ ከጋራው ጎመን ጋር ይበላል። ነርስ ረዳቷ ሥጋዋን ከሐላል ሥጋ ቤት ገዝታ በራሷ ድስት ትሠራለች። ሙስሊሙ የክርስቲያን፣ ክርስቲያኑ የሙስሊም ሥጋ የማይበላበት ልማድ በውጭ አገርም ስለማይቀር መጥበሻውና ጭልፋው መለየት አለባቸው፤ ሳይለዩ ቆይቶ ከተጠየቀ ጉዳዩ ከምግብ አልፎ ቅያሜ ይሆናል። ቅቤም በዚሁ መንገድ ይታያል። የነጠረ ቅቤ የሚወድ ሰው የድርሻውን ሽሮ በትንሽ ድስት ቀንሶ፣ ቅቤውን እዚያ ጨምሮ ያንተከትካል። የቃሪያና የበርበሬ ልዩነትም ከገበታው ላይ ይፈታል፦ ወጡ ለስለስ ተደርጎ ይሠራል፣ ሚጥሚጣና ዳጣ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣሉ። የበዛ በርበሬ ከድስት አይወጣም፣ ያነሰውን ግን እያንዳንዱ በሣህኑ ይሞላል።

ተራው የሚወጣው በሥራ ሰዓት ነው። አራት ሰው ሰባት ቀን ሲካፈል እኩል አይደርስም፤ አንድ ድስት ለሁለት እራት እንዲበቃ ከተሠራ ግን ችግሩ ይቀላል። እሑድ የተሠራው ለእሑድና ለሰኞ፣ ማክሰኞ የተሠራው ለማክሰኞና ለረቡዕ፣ ሐሙስ የተሠራው ለሐሙስና ለዓርብ ይሆናል። ቅዳሜ የሚሠራው ለአንድ ማታ ብቻ ስለሆነ የቅዳሜ ተረኛ የሳምንቱን አስቤዛም ይገዛል። በምሳሌው ቤት ገንዘብ ተቀባዩ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሠራል። ሹፌሩ ሥራ የሚቀዘቅዝበትን ማክሰኞን ይወስዳል፣ ነርስ ረዳቷ ዕረፍቷ የሆነውን ሐሙስን፣ ተማሪዋ ቅዳሜን። ቀኖቹን በየሳምንቱ ማዟዟር ፍትሐዊ ቢመስልም የሥራ ሰዓቱ ቋሚ በሆነበት ቤት ተራውን ያፈርሰዋል።

የእሑዱ ተረኛ አንድ ተጨማሪ ሥራ ቢሠራ ሳምንቱ ይቀላል። ሁለት ኪሎ ያህል ሽንኩርት ከትፎ፣ በርበሬ ሳይጨምር፣ በዘይት አብስሎ ያሳርፋል። ይህ ቁሌት ለሦስት ይከፈላል፦ አንዱ ለዕለቱ፣ አንዱ ለማክሰኞ ፍሪጅ ውስጥ፣ አንዱ ለሐሙስ ፍሪዘር ውስጥ። በርበሬ ስላልገባበት ለአልጫም ለቀይ ወጥም ያገለግላል። ማክሰኞ ማታ ደክሞት የገባው ሹፌር የሚቀረው በርበሬውን ማቁላላትና የታጠበ ምስር መጨመር ነው። ምስሩ ብቻውን ሲቀርብ ለአራት ሰው ለአንድ እራት 400 ግራም ያህል ደረቅ ምስር ይበቃል፤ ለሁለት ማታ እጥፉ ይሠራል። በርበሬ ሲቁላላ አፓርታማው ውስጥ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ሊጮኽ ስለሚችል እሳቱን ዝቅ አድርጎ ውኃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት፣ የአየር ማስወጫውንም አስቀድሞ መክፈት ይገባል።

ለሁለት ማታ የሚሠራ ወጥ አያያዝ ይፈልጋል። በትልቅ ድስት ያለ ሽሮ ወይም ምስር መሐሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ሌሊቱን ምድጃ ላይ ካደረ ጠዋት ቢሞቅም አስተማማኝ አይሆንም። የነገው ድርሻ ወደ ጠፍጣፋ ዕቃ ተገልብጦ ከተሠራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይገባል፤ ከሦስት እስከ አራት ቀን ውስጥም ተበልቶ ያልቃል። ዕቃው ላይ የተሠራበት ቀን ይጻፋል። እንጀራው ሦስት ሦስት ሆኖ በላስቲክ ይጠቀለላል፤ እስከ ማክሰኞ የሚበላው ፍሪጅ፣ የቀረው ፍሪዘር ይገባል፣ አለበለዚያ ሐሙስ ላይ ሻጋታ ያወጣል።

ዕቃ የሚያጥበው ቀጣዩ ተረኛ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ንጹሕ ወጥ ቤት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው፣ ቢያሳድረው የሚያገኘው ራሱ ነው። ከዚህ የሚከብደው ሥራው በጾታ እንዳይከፈል መጠበቅ ነው። ወንዱ «ወጥ አልችልም፣ እኔ ዕቃ ልጠብ» ሲል ቅን ይመስላል፤ ነገር ግን ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ አራቱም ቀን በሁለቱ ሴቶች ላይ ይወድቃል። አለመቻል ተራ አያስቀርም። የማይችል ሰው በቲማቲም ስጎ ፓስታና በምስር ይጀምራል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከሚችል ሰው ጋር ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ብቻውን ነው።

እራት ላይ የማይገኝ ሰው ድርሻው በምሳ ዕቃ ይቀመጥለታል፤ ነርስ ረዳቷ ሌሊት ይዛ የምትሄደው እሱን ነው። ማን ስንት ማታ በላ ብሎ መቁጠር ገንዘብ ከማዳኑ በፊት ጭቅጭቅ ያመጣል። ሳምንቱን ሙሉ ከከተማ የሚወጣ ሰው ከቅዳሜ በፊት ተናግሮ ግማሽ ይከፍላል፤ ዘይቱና በርበሬው ሲመለስ ይጠብቁታልና። እንግዳ ሲመጣ አይመለስም፤ ለዚህ አንድ ኪሎ ሽሮ ሁልጊዜ በመደርደሪያ ይቀመጣል። በተከታታይ ለሚያድር እንግዳ ግን አስተናጋጁ አንድ መዋጮ ይጨምራል።

ጾምና በዓል ሲመጣ ዝርዝሩ ሳይሆን ሰዓቱ ይለወጣል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሁለቱም የካቲት ውስጥ ጀምረዋል። እንዲህ ሲገጥም የጋራው እራት ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ቢዛወር ለአፍጥርም ይደርሳል፣ ጾመኞቹም አብረው ይቀመጣሉ፤ ድስቱ አስቀድሞም የጾም ስለነበር የሚቀየር ነገር የለም። የፋሲካ ዶሮና የዒድ ሥጋ በየባለበዓሉ ወጪ ይሠራሉ።

ተራው መላላቱን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። የአንድ ሰው ወጥ በተደጋጋሚ ከተረፈ ጣዕሙ ወይም መጠኑ ይታያል። አንዱ ደባል ብቻውን ዳቦና እንቁላል መግዛት ካበዛ ድርሻው አንሶታል ወይም የዝርዝሩ ድግግሞሽ ሰልችቶታል። አንድ ተረኛ ከኪሱ እየጨመረ ሳይናገር የሚገዛ ከሆነ ቸርነቱ ቆይቶ ቂም ስለሚሆን ደረሰኙ ተጠይቆ ይመለስለታል። በየአራት ሳምንቱ ሰብሳቢው ሲቀየር የተጣለው ምግብና ቀሪው ገንዘብ ይታያል፣ የመዋጮው ወረቀትም እንደ አዲስ ይጻፋል፤ የአንዱ ሥራ ቢቀንስ ወይም የሌላው ገቢ ቢጨምር ቁጥሩ ማንንም ሳያሳፍር የሚስተካከለው በዚያ ቀን ነው።